የመቆም ጥያቄን የሚወስን ፕሮግራም እንደሌለ በራስ እጅ ማረጋገጥ፦ ዝርዝር መመሪያ

የመቆም ጥያቄ «ይህ ፕሮግራም በዚህ ግቤት ላይ ይቆማል ወይስ ለዘላለም ይሄዳል?» የሚል ነው። ይህ መመሪያ ባዶ ወረቀት ይዛችሁ፣ ማስታወሻ ሳታዩ፣ ይህን ጥያቄ የሚወስን ፕሮግራም እንደሌለ ራሳችሁ እንድታረጋግጡ የተጻፈ ነው። ማረጋገጫው ውስጥ `H` የሚባለው ጥያቄውን ይወስናል የተባለው ፕሮግራም ነው፤ `D` ደግሞ እሱን ለማሳሳት የሚሠራው። ብዙ ተማሪዎች ማረጋገጫውን ሸምድደው ፈተና ላይ በትክክል ይጽፉታል። «`H` ግን `D`ን ለይቶ ቢያውቀውስ?» ተብለው ሲጠየቁ ግን መልስ ያጣሉ። ማረጋገጫው «`H` አለ እንበል» ብሎ ስለሚጀምር ከመጀመሪያው መስመር አንስቶ በሌለ ነገር ላይ ያስባሉ፤ የሌለ ነገር ደግሞ ተገላብጦ አይታይም።

ስለዚህ እዚህ ቅደም ተከተሉን እንለውጠዋለን። መጀመሪያ ተጽፈው ያሉ ሦስት `H`ዎችን አንድ በአንድ እንሰብራለን። ጠቅላላው ማረጋገጫ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሲመጣም አዲስ ነገር አይሆንባችሁም።

## ከመጀመራችሁ በፊት

ወረቀት፣ እርሳስ እና ፓይተን የተጫነበት ኮምፒውተር ያስፈልጋችኋል። ፓይተን ባይኖርም ሥራው በወረቀት ይሠራል፤ ኮዶቹ አጫጭር ናቸው።

ሦስት ስምምነቶችን ወረቀታችሁ ራስጌ ላይ ጻፉ።

1. ፕሮግራም ማለት ጽሑፍ ነው። ጽሑፍ ስለሆነም ለሌላ ፕሮግራም ግቤት ሆኖ ሊሰጥ ይችላል። አንድን ፕሮግራም «አስኪድ» ስንል በጽሑፉ መጨረሻ ላይ ያለውን ፈንክሽን በተሰጠው ግቤት እንጠራለን ማለት ነው።
2. ፕሮግራሙ ውጤት መልሶ ቢጨርስም፣ ስሕተት አጋጥሞት ቢቋረጥም «ቆመ» እንላለን። አልቆመም የምንለው ለዘላለም ሲሄድ ብቻ ነው።
3. ማሽናችን የማስታወሻ ገደብ የለውም። ሥራው የጠየቀውን ያህል ቦታ ያገኛል።

ሦስተኛውን ስምምነት አትዝለሉት። ማስታወሻው የተገደበ ማሽን የሚኖሩት ሁኔታዎች ብዛታቸው የተወሰነ ነው። ለምሳሌ 1 ኪሎባይት ማስታወሻ 8192 ቢት ስለሆነ ሊይዛቸው የሚችላቸው የተለያዩ ሁኔታዎች 2^8192 ናቸው። ከውጭ አዲስ ነገር የማይገባለት እንዲህ ያለ ማሽን ከዚያ በላይ እርምጃ ከሄደ አንዱን ሁኔታ ደግሞታል፤ ከደገመው ደግሞ አይቆምም። ቁጥሩ በተግባር የማይደረስበት ቢሆንም ጥያቄው በመርህ ደረጃ መልስ አለው። ማረጋገጫችን የሚናገረው ገደብ ስለሌለው ማሽን ነው፤ ሰው «ኮምፒውተሬ እኮ የተወሰነ ነው» ሲላችሁ የምትመልሱት ይህንን ነው።

## ደረጃ 1፦ ጥያቄውን በትክክል ጻፉ

የምንፈልገው `H(p, x)` የሚባል ፈንክሽን ነው። `p` የፕሮግራም ጽሑፍ ነው፤ `x` ለዚያ ፕሮግራም የሚሰጥ ግቤት ነው። `H` ሁለት ቃል ይገባል፦

ሀ. ምንም ዓይነት `p` እና `x` ቢሰጠው፣ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ መልስ ይሰጣል።

ለ. መልሱ ልክ ነው። `p` በ`x` ላይ የሚቆም ከሆነ `True`፣ የማይቆም ከሆነ `False` ይላል።

ሁለቱን ቃሎች ለይታችሁ ጻፉ። አብዛኛው ግራ መጋባት የሚመጣው ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ከመጠቅለል ነው። አንድ `H` ቃል ሀን ጠብቆ ለን ሊያፈርስ ይችላል፤ ሌላው ለን ጠብቆ ሀን ያፈርሳል። በሚቀጥሉት ደረጃዎች ሁለቱንም ዓይነት እናያለን።

ጥንቃቄ። «ለሁሉም» የሚለው ቃል የት እንደገባ ተመልከቱ። አንድ `H` ለሁሉም ፕሮግራሞች እንዲያገለግል ነው የተጠየቀው። «ይቆም አይቆም ሊታወቅ የማይችል ፕሮግራም አለ» አልተባለም። እነዚህ በጣም የሚራራቁ አባባሎች ናቸው።

ልዩነቱን በአንድ ምሳሌ ያዙት። የጎልድባኽ ግምት ከ2 የሚበልጥ ተጋማሽ ቁጥር ሁሉ የሁለት ፕራይም ቁጥሮች ድምር ነው ይላል፤ እስካሁን አልተረጋገጠም፣ ውድቅም አልሆነም። ከ4 ጀምሮ ተጋማሽ ቁጥሮችን በተራ እየመረመረ ግምቱን የሚያፈርስ ቁጥር ሲያገኝ የሚቆም ፕሮግራም መጻፍ ቀላል ነው። ይህ ፕሮግራም ይቆም እንደሆነ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ሆኖም «ይህ አንድ ፕሮግራም ይቆማል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ ትክክለኛ መልስ የሚሰጥ ፕሮግራም አለ፤ ወይ `return True` የሚለው ነው፣ ወይ `return False` የሚለው። የትኛው እንደሆነ አለማወቃችን ሌላ ጉዳይ ነው። «የማይወሰን» የሚባለው ማለቂያ የሌላቸው ጥያቄዎች ስብስብ ነው፤ አንድ ነጠላ ጥያቄ በዚህ ትርጉም ምን ጊዜም የሚወሰን ነው።

## ደረጃ 2፦ የመጀመሪያውን H ስበሩ

በጣም ሞኝ በሆነ `H` እንጀምር። ጽሑፉ ውስጥ `while` የሚል ቃል ካገኘ «አይቆምም» ይላል፤ ካላገኘ «ይቆማል» ይላል። ቃል ሀን እንደሚጠብቅ ግልጽ ነው፤ ጽሑፉን አንብቦ ወዲያው ይመልሳል። ቃል ለን ግን ያፈርሳል። ሊሳሳት እንደሚችል ሁላችንም እንገምታለን፤ የኛ ሥራ ግን የሚሳሳትበትን ፕሮግራም ከራሱ ከ`H` ማውጣት ነው።

ይህን ጻፉና አስኪዱ፦

```python
d = '''
def H(p, x):
    return "while" not in p

def D(p):
    if H(p, p):
        while True:
            pass
    return 0
'''
exec(d)
print(H(d, d))
print(D(d))
```

`d` የፕሮግራሙ ሙሉ ጽሑፍ ነው። `exec(d)` ጽሑፉን ወደሚሠሩ ፈንክሽኖች ይለውጠዋል። ከዚያ ሁለት መስመር ይታተማል፦ `False` እና `0`።

ቀስ ብላችሁ አንብቡት። `H(d, d)` «`D` የራሱ ጽሑፍ ሲሰጠው አይቆምም» አለ። `D(d)` ግን `0` መልሶ ቆመ። `H` ተሳስቷል፤ የተሳሳተበትም ቦታ `d` ነው።

`D` ምን እንዳደረገ በቃል ተናገሩት። የአንድ ፕሮግራም ጽሑፍ ይቀበላል፤ «ይህ ፕሮግራም የራሱ ጽሑፍ ሲሰጠው ይቆማል?» ብሎ `H`ን ይጠይቃል፤ ከዚያ የተባለውን ተቃራኒ ያደርጋል። ይቆማል ከተባለ አይቆምም፤ አይቆምም ከተባለ ይቆማል።

አሁን የ`H`ን መስመር ወደ `return True` ለውጡና እንደገና አስኪዱ። በዚህ ጊዜ `True` ይታተምና ፕሮግራሙ እዚያው ይቀራል። `Ctrl+C` ተጭናችሁ አቁሙት። `H` ይቆማል አለ፤ `D` አልቆመም። ስሕተቱ አቅጣጫውን ቀየረ እንጂ ቦታው ያው `d` ነው።

ካልሠራላችሁ። `NameError` ካያችሁ የ`H`ን ጽሑፍ `d` ውስጥ ሳትጽፉት ቀርታችኋል ማለት ነው። ይህ የኮድ ጉዳይ ብቻ አይደለም። `d` ራሱን የቻለ ሙሉ ፕሮግራም እንዲሆን የ`H` ጽሑፍ በውስጡ መኖር አለበት። `D` የሚሠራው ከ`H` ነው፤ `H` ሲለወጥ `d`ም ይለወጣል። ይህን ዓረፍተ ነገር ከስምምነቶቹ ሥር ጻፉት፤ በኋላ ትልቁን መከራከሪያ የሚመልሰው እሱ ነው።

## ደረጃ 3፦ ብልህ የሆነውን H ስበሩ

ሁለተኛው `H` እንደ `while` ያለ ቃል ጽሑፉ ውስጥ አይፈልግም። `p`ን በ`x` ላይ በምናባዊ ማሽን ላይ፣ እርምጃ በእርምጃ፣ እስከ 1000 እርምጃ ያስኬደዋል። እስከዚያ ከጨረሰ `True`፣ ካልጨረሰ `False` ይላል። ኮዱን መጻፍ አያስፈልግም፤ በወረቀት ይበቃል።

`D`ን በላዩ ላይ እንደቀድሞው ሥሩና `D(d)`ን በእጃችሁ ተከተሉት።

1. `D(d)` ሲጀምር `H(d, d)`ን ይጠራል።
2. `H(d, d)` ደግሞ `D(d)`ን በምናባዊው ማሽን ማስኬድ ይጀምራል።
3. ምናባዊው `D(d)`ም በበኩሉ መጀመሪያ የሚያደርገው `H(d, d)`ን መጥራት ነው፤ ያ ውስጠኛው `H` ደግሞ የራሱን 1000 እርምጃ መቁጠር ይጀምራል።
4. አንድን እርምጃ አስመስሎ ማስኬድ ቢያንስ አንድ እርምጃ ይፈጃል። ስለዚህ ውስጠኛው `H` የራሱን 1000 ሳይጨርስ የውጪው 1000 ያልቅበታል።
5. የውጪው `H` «አልጨረሰም» ብሎ `False` ይመልሳል።
6. እውነተኛው `D(d)` `False` ስለተባለ `return 0` ላይ ደርሶ ይቆማል።

`H` አይቆምም አለ፤ `D(d)` ግን ከ1000 እርምጃ በላይ ሄዶ ቆመ። በ1000 ፈንታ አንድ ቢሊዮን ብትጽፉ ከስድስቱ መስመሮች ውስጥ የሚለወጠው ቁጥሩ ብቻ ነው። ገደብ እየጨመሩ መሄድ የማያዋጣው ለዚህ ነው፤ `D` ገደቡን ከ`H` ጋር ተሸክሞት ይሄዳል።

ብዙ ሰው አራተኛው ላይ ይሰናከላል። «ውስጡ ሌላ `H`፣ በዚያ ውስጥ ሌላ `H`፤ ይህ መቼ ያልቃል?» ይላል። በዚህ `H` ውስጥ ያልቃል፣ ምክንያቱም የውጪው ቆጣሪ ሁሉንም አንድ ላይ ይቆርጣቸዋል። የማያልቅበትን ቀጥለን እናያለን።

## ደረጃ 4፦ የማይሳሳተውን H ስበሩ

ሦስተኛው `H` ገደቡን ያነሣዋል፦

```python
def H(p, x):
    run(p, x)
    return True
```

`run` ፕሮግራሙን እስከመጨረሻው የሚያስኬድ ነው። ፕሮግራሙ ከቆመ `H` `True` ይላል፤ ይህም ልክ ነው። ካልቆመ `H`ም አብሮት ይሄዳል፤ ምንም አይልም። ስለዚህ ይህ `H` የተሳሳተ ነገር ተናግሮ አያውቅም።

`D(d)`ን ተከተሉት። `D(d)` `H(d, d)`ን ጠራ፤ `H` `D(d)`ን ማስኬድ ጀመረ፤ ያም `H(d, d)`ን ጠራ፤ እንዲህ እያለ ያለ ማቋረጥ ይቀጥላል። `D(d)` በእርግጥ አይቆምም። `H(d, d)` `False` ማለት ነበረበት፤ አላለም። የፈረሰው ቃል ሀ ነው።

ጥንቃቄ። ይህንን በፓይተን ከሞከራችሁት `RecursionError` ታያላችሁ፤ ፓይተን ካልነካችሁት በስተቀር ተደራራቢ ጥሪን 1000 አካባቢ ይገድበዋል። «እነሆ ቆመ» ብላችሁ አትመዝግቡት። ያ የፓይተን ገደብ ነው፤ ማሽናችን ገደብ እንደሌለው ሦስተኛው ስምምነት ላይ ጽፈናል።

ይህ ሦስተኛ `H` ግማሹን መንገድ ይሄዳል። ለሚቆሙ ፕሮግራሞች ሁሉ ትክክለኛ መልስ ይሰጣል። የጎደለው «አይቆምም» የሚለውን በተወሰነ ጊዜ መናገር ነው። ችግሩ ያለው ሁልጊዜ በዚህኛው ወገን እንደሆነ ልብ በሉ። ለእኔ ከጠቅላላው ማረጋገጫ ይልቅ ጉዳዩን የሚያበራው ይህ ጎደሎ ነው፤ መቆምን ጠብቆ ማየት ይቻላል፣ አለመቆምን ግን ጠብቆ ማየት አይቻልም።

## ደረጃ 5፦ ሠንጠረዡን ሣሉ

እስካሁን `D` ከየት እንደመጣ አልተናገርንም። የመጣው ከሠንጠረዥ ነው። ካንቶር በ1891 ያሳተመው የዲያጎናል ማረጋገጫም በዚሁ ዘዴ ይሠራል።

የፕሮግራም ጽሑፍ ከተወሰኑ ፊደላት የተሠራ፣ ርዝመቱም የተወሰነ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሞችን ሁሉ በርዝመታቸው፣ እኩል ርዝመት ያላቸውን ደግሞ በፊደል ተራ ደርድረን ፕ0፣ ፕ1፣ ፕ2 እያልን ቁጥር መስጠት እንችላለን። ግቤት 0 ስንል የፕ0ን ጽሑፍ፣ ግቤት 1 ስንል የፕ1ን ጽሑፍ ማለታችን ይሁን።

በአራት የማስመሰያ ፕሮግራሞች ሣሉት። ፕ0 ሁልጊዜ ይቆማል። ፕ1 መቼም አይቆምም። ፕ2 ተጋማሽ ቁጥር ሲሰጠው ብቻ ይቆማል። ፕ3 ከ2 ያነሰ ቁጥር ሲሰጠው ብቻ ይቆማል።

| | ግቤት 0 | ግቤት 1 | ግቤት 2 | ግቤት 3 |
|---|---|---|---|---|
| ፕ0 | ይቆማል | ይቆማል | ይቆማል | ይቆማል |
| ፕ1 | አይቆምም | አይቆምም | አይቆምም | አይቆምም |
| ፕ2 | ይቆማል | አይቆምም | ይቆማል | አይቆምም |
| ፕ3 | ይቆማል | ይቆማል | አይቆምም | አይቆምም |

ከላይ ከግራው ጥግ እስከ ታች ቀኙ ጥግ በሰያፍ አንብቡ፦ ይቆማል፣ አይቆምም፣ ይቆማል፣ አይቆምም። ዲያጎናሉ ይህ ነው፤ እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ ጽሑፍ ሲሰጠው የሚያደርገውን ይናገራል። አሁን እያንዳንዱን ገልብጡት፦ አይቆምም፣ ይቆማል፣ አይቆምም፣ ይቆማል።

ይህን የተገለበጠ ረድፍ ከአራቱ ጋር አስተያዩት። ከፕ0 ጋር በግቤት 0 ይለያያል፤ ከፕ1 ጋር በግቤት 1፣ ከፕ2 ጋር በግቤት 2፣ ከፕ3 ጋር በግቤት 3። ከእያንዳንዱ ረድፍ ቢያንስ በአንድ ቦታ እንዲለይ አድርገን ስለሠራነው አንዳቸውንም ሊሆን አይችልም።

ወደ ሙሉው ሠንጠረዥ ስትሄዱ ይኸው ይደገማል። የተገለበጠው ረድፍ ከየትኛውም ፕሮግራም ረድፍ ጋር አይገጥምም። ሠንጠረዡ ውስጥ ፕሮግራሞች ሁሉ አሉ፤ ስለዚህ ያንን ረድፍ የሚፈጽም ፕሮግራም የለም።

«አዲሱን ረድፍ ብንጨምረውስ?» ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ይነሣል። በአራት ረድፍ ሠንጠረዥ ላይ መጨመር ትችላላችሁ፤ ፕ4 ይሆናል፣ ዲያጎናሉም አንድ ቦታ ይረዝማል፣ ከዚያ አዲስ የተገለበጠ ረድፍ ይወጣል። በሙሉው ሠንጠረዥ ላይ ግን የሚጨመር ነገር የለም። ሁሉም ፕሮግራሞች ገብተዋል ብለን ጀምረናል። የተገለበጠው ረድፍ ሠንጠረዡ ውስጥ የሌለው ስለረሳነው አይደለም፤ ፕሮግራም የሌለው የባሕርይ መግለጫ ስለሆነ ነው።

አሁን `D`ን እንደገና እዩት። `H(p, p)` ዲያጎናሉን ያነባል። `while` እና `return` ይገለብጡታል። `H` ቢኖር ኖሮ `D` የተገለበጠውን ረድፍ በትክክል የሚፈጽም ፕሮግራም ይሆን ነበር።

## ደረጃ 6፦ ማረጋገጫውን ጻፉ

ፈተና ላይ የምትጽፉት ይህ ነው። በሌላ ቃል ጻፉት፤ ቅደም ተከተሉን ግን አታዛቡ።

1. ቃል ሀን እና ቃል ለን የሚጠብቅ `H` አለ እንበል።
2. `D(p)`ን እንዲህ እንሥራ፦ `H(p, p)` `True` ካለ ያለማቋረጥ ይዙር፤ `False` ካለ `0` መልሶ ይቁም። የ`H`ን ጽሑፍ ጨምሮ የ`D` ሙሉ ጽሑፍ `d` ይባል።
3. `D(d)` ወይ ይቆማል፣ ወይ አይቆምም።
4. *ይቆማል ብንል፦* በቃል ለ መሠረት `H(d, d)` `True` ነው። ስለዚህ `D(d)` ወደ `while` ይገባል፤ አይቆምም። ተቃርኖ።
5. *አይቆምም ብንል፦* በቃል ሀ መሠረት `H(d, d)` መልስ ሰጥቷል፤ በቃል ለ መሠረት ደግሞ መልሱ `False` ነው። ስለዚህ `D(d)` `0` መልሶ ይቆማል። ተቃርኖ።
6. ከ2 እስከ 5 ያለው ማንም ሊሠራው የሚችል ነው። ያለ ማስረጃ የተቀበልነው 1ን ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ቃሎች የሚጠብቅ `H` የለም።

መስመር 5 ላይ ቃል ሀን መጥቀስ የሚረሱ ብዙ ናቸው። `D(d)` የማይቆመው በሁለት ቦታ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ወይ `while` ውስጥ ነው፣ ወይ `H`ን ጠርቶ መልስ ሲጠብቅ ነው። ሁለተኛውን የሚዘጋው ቃል ሀ ነው። ደረጃ 4 ላይ ያየነው `H` ያመለጠን በዚያ በር ነበር። ቃል ሀን ካልጠቀሳችሁ ማረጋገጫችሁ ያንን `H` ጭምር «አይኖርም» ይላል፤ እሱ ግን ሦስት መስመር ኮድ ሆኖ ወረቀታችሁ ላይ አለ።

ይህን `D` በቱሪንግ የ1936 ጽሑፍ ውስጥ ብትፈልጉት እንደዚህ ተጽፎ አታገኙትም። እሱ የጠየቀው አንድ ማሽን አኃዞችን ያለማቋረጥ ማተሙን ይቀጥል እንደሆነ ነው። ዲያጎናሉ አንድ ዓይነት ቢሆንም ጥያቄው ሌላ ስለሆነ ጽሑፉን ስታነቡ መስመር በመስመር ለማገጣጠም አትሞክሩ።

## ደረጃ 7፦ መከራከሪያ ሲያጋጥማችሁ

«`H` ውስጥ `D`ን የሚለይ ልዩ መስመር ብንጨምርስ?» ጨምሩት። አዲሱ ከአሮጌው ይለያልና `H2` እንበለው። `H2(d, d)` ትክክል ሊመልስ ይችላል፤ ይህን ከመቀበል ወደኋላ አትበሉ። ነገር ግን ለ`H2` የሚሠራው `D` ሌላ ነው፤ ጽሑፉ `d2` ነው። `H2` የሚወድቀው `d2` ላይ ነው። ደረጃ 2 ላይ ያስጻፍኳችሁ «`H` ሲለወጥ `d`ም ይለወጣል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ለዚህ ነበር።

«`D(d)` እኮ ራሱን በራሱ ውስጥ ያለማቋረጥ ያስኬዳል።» ይህ ደረጃ 4ን ከጠቅላላው ማረጋገጫ ጋር ማደባለቅ ነው። `D` `p`ን አያስኬድም። ስለ `p` ጽሑፍ `H`ን ይጠይቃል። `H` እንዴት እንደሚመልስ አናውቅም፤ በተወሰነ ጊዜ እንደሚመልስ ግን ቃል ገብቶልናል።

«`H` `True` እና `False` ብቻ ሳይሆን ‹አላውቅም› ማለት ቢችልስ?» እንዲህ ያለ ፕሮግራም መጻፍ ይቻላል፤ ጠቃሚም ነው። ኮድን ከስሕተት የሚፈትሹ መሣሪያዎች እንዲህ ያደርጋሉ። ቃል ለን ስለቀየራችሁት ግን የተጠየቀውን አልመለሳችሁም። ማረጋገጫው የሚከለክለው ሁልጊዜ የሚመልስ እና ሁልጊዜ ልክ የሆነውን ነው።

## ደረጃ 8፦ ውጤቱን ለሌላ ጥያቄ ተጠቀሙበት

የሚቀጥለው የቤት ሥራ «ይህኛውም ጥያቄ እንደማይወሰን አሳዩ» የሚል ነው። እዚህ ዲያጎናሉን እንደገና አትሥሩ፤ ሪዳክሽን ተጠቀሙ፤ ይህም አዲሱ ጥያቄ ቢወሰን የመቆም ጥያቄም ይወሰን እንደነበር ማሳየት ነው። እንዲህ ያለውን እንውሰድ፦ `S(q)` የሚባል ፈንክሽን `q` ሲሄድ መቼም ቢሆን «ሰላም» ብሎ ያትም እንደሆነ ሁልጊዜ በትክክል ይመልሳል እንበል። እንዲህ ያለ `S` እንደሌለ እናሳይ።

`p` እና `x` ሲሰጡን `q` የሚባል አዲስ ጽሑፍ እንሠራለን፦

```python
run_silent(p, x)
print("ሰላም")
```

`run_silent` `p`ን በ`x` ላይ ያስኬዳል፤ `p` የሚያትመውን ሁሉ ግን ይውጠዋል። `p` ከቆመ ሁለተኛው መስመር ይደረሳል፤ «ሰላም» ይታተማል። `p` ካልቆመ ሁለተኛው መስመር አይደረስም፤ ምንም አይታተምም። ስለዚህ `S(q)` የሚሰጠው መልስ `H(p, x)` ሊሰጠው የሚገባው መልስ ነው። `S` ቢኖር `H` ይኖር ነበር፤ `H` የለም፤ `S`ም የለም።

ሁለት ቦታ ላይ ተጠንቀቁ። መጀመሪያ፣ የ`p`ን ኅትመት ካልዋጣችሁት ማረጋገጫው ይፈርሳል። `p` «ሰላም» ብሎ አትሞ ከዚያ ያለማቋረጥ የሚዞር ቢሆን `S(q)` `True` ይላል፤ `p` ግን አልቆመም። እንዲሁም `p` በስሕተት ቢቋረጥ በሁለተኛው ስምምነት መሠረት ቆሟል፤ ስለዚህ `run_silent` ስሕተቱን ይዞ ወደ ሁለተኛው መስመር ማለፍ አለበት፤ `q`ን ይዞት መውደቅ የለበትም።

ሁለተኛው አቅጣጫ ነው። «`H` ቢኖር `S`ን እሠራ ነበር፤ `H` ስለሌለ `S` የለም» ብሎ መጻፍ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ምንም አያረጋግጥም። `S` ያለ `H` በሌላ መንገድ ሊሠራ ይችል ይሆናላ! ትክክለኛው አቅጣጫ ምን ጊዜም አዲሱን፣ አጠራጣሪውን ነገር እንዳለ ወስዶ፣ እንደሌለ የምናውቀውን `H`ን ከእሱ መሥራት ነው። ማረጋገጫችሁን ስትጨርሱ የመጨረሻውን ፈንክሽን ስም አንብቡ፤ የሠራችሁት `H` ካልሆነ ወረቀቱን ገልብጡና እንደገና ጀምሩ።

ለልምምድ ይህን ውሰዱ፦ `T(q)` `q` ቁጥር 0 ሲሰጠው ይቆም እንደሆነ ይመልሳል። ከ`H` የሚቀል ይመስላል፤ ግቤቱ አንድ ብቻ ነው። `q`ን የተሰጠውን ግቤት ጨርሶ ችላ ብሎ `p`ን በ`x` ላይ የሚያስኬድ አድርጋችሁ ሥሩት። በዚህ ጊዜ `q` 0 ቢሰጠውም ሌላ ቢሰጠውም የሚያደርገው አንድ ነው፤ የሚቆመውም `p` በ`x` ላይ ሲቆም ብቻ ነው። ስለዚህ `T(q)` የሚለው ሁሉ የ`H(p, x)` መልስ ነው። `p` የሚያትመውን መዋጥ እዚህ አያስፈልግም፤ `T` ስለ ኅትመት አይጠይቅም።